የ800 ሜትር ሰዓትን ወደ ማይል ፔስ መቀየር፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

እዚህ አሜሪካ ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት የሰፈራችንን ሐበሻ ልጆች አሯሩጣለሁ። አብዛኞቹ በሃይስኩላቸው ቡድን ውስጥ 800 ሜትር እና ማይል ይሮጣሉ። ወላጆችም ልጆችም ደጋግመው የሚጠይቁኝ ነገር አለ፦ «በ800 ይህን ሰዓት ከገባ፣ ማይልን በስንት መሮጥ አለበት? ልምምዱንስ በስንት ይሥራ?» መልሱን በየጊዜው በቃል ከምደግመው እዚህ ልጻፈው ብዬ ነው።

ማይል ማለት 800 ሁለቴ አይደል? ሰዓቱን በሁለት ባባዛው ምን ችግር አለው?

ሁለት ችግር አለው። አንዱ ትንሽ ነው፣ ሌላው ትልቅ።

ትንሹ ርቀቱ ነው። ማይል 1609.344 ሜትር ነው። 800 ሁለቴ ሲሮጥ 1600 ይሆናል። ወደ 9 ሜትር ከ34 ሳንቲ ሜትር ይጎድላል። ስለዚህ ማይል በ400 ሜትር ትራክ ላይ ልክ አራት ዙር ሳይሆን 4.02336 ዙር ነው። ሯጮቹ ከመድረሻው መስመር ትንሽ ወደኋላ ሆነው የሚነሱት ለዚህ ነው።

ትልቁ ችግር ግን ሰውየው ነው። 800ን የሮጠበትን ፍጥነት ይዞ እጥፉን ርቀት መሮጥ የሚችል ሰው የለም። ቢችል ኖሮ 800ውን ሙሉ ኃይሉን ሰጥቶ አልሮጠውም ማለት ነው። 800ን በ2:08 የሚሮጥ ልጅ እያንዳንዱን ዙር በአማካይ በ64 ሰከንድ ይጨርሳል። ይህንን ፍጥነት ወደ ማይል ስንዘረጋው 4:17.5 ይወጣል። ይህ ቁጥር «800ን የሮጥኩበት ፍጥነት በማይል ሲለካ» ይባላል እንጂ «ከ800 ሰዓቴ ጋር የሚመጣጠን ማይል» አይባልም። ብዙ ሰው የሚያምታታው እነዚህን ሁለቱን ነው። የመጀመሪያው የመለኪያ ለውጥ ብቻ ነው፣ ልክ ኪሎ ሜትርን ወደ ማይል እንደመቀየር። ሁለተኛው ግን ግምት ነው። ያው ልጅ፣ በዚያው ሰሞን፣ በዚያው ብቃቱ ማይል ቢሮጥ ስንት ይገባል የሚለውን ነው የምንገምተው።

ምክንያቱ ጉልበቱ ከየት እንደሚመጣ ነው። 800 ላይ ከጉልበቱ ሁለት ሦስተኛው ገደማ በኦክስጅን የሚመረት ነው። 1500 እና ማይል ላይ ይህ ድርሻ ከ80 በመቶ ያልፋል። ቀሪው ያለ ኦክስጅን የሚገኘው ጉልበት መጠኑ የተወሰነ ነው። 800 ላይ በሁለት ደቂቃ ውስጥ ይሟጠጣል። ማይል ላይ ያንኑ ጉልበት ለእጥፍ ርቀት ማብቃቃት ግድ ነው። ስለዚህ ፍጥነቱ የግድ ይወርዳል።

ታዲያ በስንት ላባዛው?

እኔ የምጀምረው ከ2.2 ነው። የ800ን ሰዓት ወደ ሰከንድ ለውጡና በ2.2 አባዙት። ይህን ቁጥር ከየት አመጣኸው ለሚለኝ ሁሉ የማሳየው ሁለቱንም ርቀት በጥሩ ብቃት የሮጡ ሰዎችን ሰዓት ነው።

ስቲቭ ክራም በ1985 ዓ.ም. እንደ አውሮፓ አቆጣጠር 800ን በ1:42.88፣ ማይልን በ3:46.32 ሮጧል። ማይሉን ለ800ው ስናካፍለው 2.20 ይመጣል። ሰባስቲያን ኮ በ1981 ሁለቱንም የዓለም ክብረ ወሰን አድርጎ ነበር፣ 800ን በ1:41.73፣ ማይልን በ3:47.33። እሱ 2.23 ነው። ከኛዋ ጉዳፍ ፀጋይ ጋር ስንመጣ፣ በቤት ውስጥ ውድድር 800ን በ2021 በ1:57.52፣ ማይልን በ2023 በ4:16.16 ገብታለች። እሷ 2.18 ናት።

የዓለም ክብረ ወሰኖቹን ራሳቸውን ብናወዳድርም እዚያው አካባቢ እንገኛለን። ዴቪድ ሩዲሻ በለንደን ኦሎምፒክ በ2012 የሮጠው 1:40.91 እና ሂሻም ኤል ገሩዥ በሮም በ1999 የሮጠው 3:43.13 ሲካፈሉ 2.21 ይሰጣሉ። ግን እነዚህ ሁለት የተለያዩ ሰዎች ናቸው። እኔ የበለጠ የማምነው የአንድን ሰው ሁለት ሰዓት ነው። ሁለቱም ሰዓቶች በአንድ የውድድር ዓመት የተመዘገቡ ከሆነማ ከዚያ የተሻለ የለም።

ስለዚህ 2.2 መነሻ ነው። በመደበኛው ከ2.15 እስከ 2.28 ድረስ የሚደርሱ ልጆች አጋጥመውኛል። መጀመሪያ በ2.2 ገምቱ፣ ልጁ ማይል ሲሮጥ ደግሞ ቁጥሩን ወደራሱ አስተካክሉት።

ኢንተርኔት ላይ ያለው ማስያ ግን በጣም የፈጠነ ማይል ይሰጠኛል። ማን ነው ትክክል?

ብዙዎቹ ማስያዎች የሚጠቀሙት ፒት ሪገል የሚባል አሜሪካዊ መሐንዲስ ያወጣውን ቀመር ነው። ቀመሩ እንዲህ ነው፦

```
T2 = T1 * (D2/D1)^1.06
```

T1 የሮጣችሁት ሰዓት ነው፣ D1 ደግሞ ርቀቱ። D2 እና T2 የምትፈልጉት ርቀትና ሰዓቱ ናቸው። 800ን ወደ ማይል ስትቀይሩበት ማባዣው 2.098 ይሆናል። 2:08 የሮጠ ልጅ ማይልን 4:28.5 ይገባል ይላችኋል። በ2.2 ግን 4:41.6 ነው። ልዩነቱ 13 ሰከንድ ነው፣ ማይል ላይ ደግሞ 13 ሰከንድ ሌላ ዓለም ነው።

ቀመሩ መጥፎ ሆኖ አይደለም። ሪገል ራሱ በ1981 ባወጣው ጽሑፍ ቀመሩ የሚሠራው ከሦስት ደቂቃ ተኩል እስከ 230 ደቂቃ ለሚፈጁ ሩጫዎች እንደሆነ ወስኖታል። ከ5 ኪሎ ሜትር ወደ 10፣ ከ10 ወደ ግማሽ ማራቶን ስትቀይሩበት ጥሩ ነው። በሁለት ደቂቃ የሚያልቅ 800 ግን ከዚህ ወሰን ውጭ ነው። ማስያው ግን ይህን አይነግራችሁም። ቁጥር ስታስገቡለት ቁጥር ያወጣል።

ከዚህ አንድ ነገር መረዳት ይቻላል። 800ን ገና በሦስት ደቂቃ ተኩል የሚጨርስ ጀማሪ ከሆናችሁ፣ ለእናንተ 800 ከፍጥነት ይልቅ የጽናት ሩጫ ነው። ለእናንተ የሪገል ቁጥር ከ2.2 ይልቅ ይቀርባል። 800ው እየፈጠነ ሲሄድ ነው ማባዣው ወደ 2.2 ከፍ የሚለው።

እስቲ በአንድ ልጅ ሰዓት ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አሳየን።

ባለፈው ዓመት የያዝኩትን የ16 ዓመት ልጅ ልውሰድ። 800ን በውድድር በ2:08.0 ገባ። ማይል ሮጦ አያውቅም ነበር።

መጀመሪያ ሰዓቱን ወደ ሰከንድ። 2 ደቂቃ 120 ሰከንድ ነው፣ 8 ሲጨመር 128። ከዚያ 128 በ2.2 ሲባዛ 281.6 ሰከንድ፣ ማለትም 4:41.6። ይህ የተመጣጣኙ ማይል ሰዓት ነው። ለልምምድ የምንፈልገው ግን የዙር ፔስ፣ ማለትም በዚያ ፍጥነት አንድ ዙር የሚፈጀው ሰዓት ስለሆነ 281.6ን ለ4.02336 እናካፍላለን። 70.0 ሰከንድ ይመጣል። ለ4 ብቻ ብታካፍሉት 70.4 ትላላችሁ፣ ትንሽ ስህተት ናት ግን ትደመራለች። በ70 ሰከንድ ዙር 200 ሜትር 35 ነው፣ 300 ሜትር 52.5 ነው፣ በኪሎ ሜትር ደግሞ 2:55 ይሆናል።

አቋራጭ ለሚፈልግ የ800ን ሰዓት በሰከንድ በ0.547 ማባዛት የማይሉን የዙር ፔስ በቀጥታ ይሰጣል። 800ን በ2:20 ለሚሮጥ 76.6 ይወጣል። በ1:56 ለሚሮጥ 63.4።

እኔ ግን ያን ጊዜ ይህን አላደረግኩም። ከኢንተርኔት ማስያ 4:28.5 የሚለውን ወሰድኩና የዙር ፔሱን 67 አደረግኩለት። ስድስት ጊዜ 400 ሜትር፣ በመካከል ሁለት ደቂቃ እረፍት። የመጀመሪያዎቹን ሦስት 66፣ 67፣ 67 ሮጠ። አራተኛው 69 ሆነ። አምስተኛው 72። ስድስተኛውን ጉልበቱ ላይ ተደግፎ ቀረ፣ እኔም አላስገደድኩትም። ልጁ «ዛሬ ደክሞኛል» አለኝ። አልደከመም። የሰጠሁት ፔስ የማይል ፔስ አልነበረም፣ ከ800 ፔሱ በሦስት ሰከንድ ብቻ የዘገየ ነገር ነበር።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ማይል ሮጦ 4:44 ገባ። 284ን ለ128 ስናካፍለው 2.22 ነው። የ2.2 ግምት የሳተው በሁለት ሰከንድ ተኩል ገደማ ነው። የማስያው ግምት በ15 ሰከንድ ሳተ። ከዚያ ወዲያ 400ዎቹን በ70 እና በ71 ሲሠራ ስድስቱንም ጨረሰ፣ የመጨረሻውም ከመጀመሪያው በአንድ ሰከንድ እንኳ አልተለየም።

ፔሱ ትክክል መሆኑን የምታውቁት በዚህ ነው። በማይል ፔስ ስድስት 400 ከሁለት ደቂቃ እረፍት ጋር ሲሠራ አምስተኛውና ስድስተኛው መክበድ አለባቸው፣ መውደቅ ግን የለባቸውም። ሰዓቱ ከአራተኛው ጀምሮ በሁለትና በሦስት ሰከንድ እየዘገየ ከሄደ ፔሱ ፈጥኗል። ስድስተኛውን ጨርሶ ወዲያው ወሬ የሚጀምር ከሆነ ደግሞ ዘግይቷል።

ልምምዶችን ለማወዳደር ይህ ቁጥር ምን ይጠቅመኛል?

ብዙ ልጆች ማስታወሻቸው ላይ «300 ሜትር ስምንት ጊዜ በ50» ብለው ይጽፋሉ። የምን ፔስ ነው ብላችሁ ስትጠይቋቸው አያውቁትም። 800ን በ2:08 ለሮጠው ልጅ የ800 ፔሱ በ300 ሜትር 48 ሰከንድ ነው። የማይል ፔሱ 52.5 ነው። 50 ከሁለቱ መሃል ነው። የ800ን ፍጥነት ለመልመድ ይዘገያል፣ ማይልን ለመለማመድ ይፈጥናል። በመሃል የሚሠራ ልምምድ አልፎ አልፎ ቢኖር ክፋት የለውም። ችግሩ ሳምንቱን ሙሉ እዚያ መሃል ሲዋልል ከርሞ «የማይል ልምምድ ስሠራ ነበር» ሲል ነው።

ስለዚህ ከእያንዳንዱ ልምምድ አጠገብ የሁለቱን ፔስ ጻፉ። የእሱ 64 እና 70 ናቸው። በመካከላቸው ያለው ልዩነት በዙር 6 ሰከንድ ነው። በፍጥነት ስንለካው የማይል ፍጥነቱ የ800 ፍጥነቱ 91 በመቶ ገደማ ይሆናል። ሁለት ልጆችን ስታወዳድሩም ይህ ይረዳል። አንዱ 400ን በ70 ሲሮጥ ማይል ፔሱ ነው፣ አጠገቡ የሚሮጠው 800ን በ2:20 የሚገባ ልጅ ከሆነ ግን 70 ለእሱ የ800 ፔስ ነው። በአንድ ዙር፣ በአንድ ሰዓት፣ ሁለት የተለያየ ልምምድ እየሠሩ ነው። ሁለተኛው ቀድሞ ቢደክም ሰነፍ አትበሉት።

ልጄ የሮጠው ማይል ከስሌቱ በጣም ዘገየ። ምን ማለት ነው?

ለእኔ የስሌቱ ዋና ጥቅም እዚህ ጋ ነው። 800ን በ2:08 የሚሮጡ ሁለት ልጆች አሉ እንበል። አንዱ ማይልን 4:33 ይገባል፣ ማባዣው 2.13 ነው። ሌላው 4:52 ይገባል፣ ማባዣው 2.28 ነው። 800 ላይ ትከሻ ለትከሻ ይገባሉ። የሚያስፈልጋቸው ልምምድ ግን አንድ አይደለም።

ቁጥሩ ከፍ ያለው ልጅ የፍጥነት ልጅ ነው። 400 ሜትርም ጥሩ ይሮጥ ይሆናል። ማይሉን የሚያዘገይበት የጽናት መሠረቱ ነው። እሱን 400 በ70 እያሉ ማድከም አይጠቅመውም። ማይል ፔሱ ራሱ 70 አይደለም፣ 292ን ለ4.02336 ስናካፍል 72.6 ነው። መጀመሪያ ረዘም ያለ የዝግታ ሩጫ እና ያለማቋረጥ የሚሠራ የ20 ደቂቃ ደህና ፍጥነት ያስፈልገዋል። ቁጥሩ ዝቅ ያለው ልጅ ደግሞ ጽናት አለው፣ የቀረው ፍጥነት ነው። ለእሱ አጫጭር 150 እና 200 ሜትሮች ከበቂ እረፍት ጋር ይሻሉታል።

ቁጥሩ ዝቅ የሚልበት ሌላም ምክንያት አለ። 800ው የሰውየው እውነተኛ ሰዓት ላይሆን ይችላል። ኤል ገሩዥ 800ን የሮጠበት ምርጥ ሰዓት 1:47.18 ነው፣ ከ1995። ከማይሉ ጋር ሲካፈል 2.08 ይመጣል። ይህ የጽናቱን ልክ ብቻ አይነግረንም። ኤል ገሩዥ በገነነባቸው ዓመታት ትኩረቱ 1500 እና ማይል ላይ ነበር፣ 800ውም የወጣትነቱ ሰዓት ነው። ሁለቱ ሰዓቶች አራት ዓመት ይለያያሉ። እናንተም ስታካፍሉ ቀናቸውን እዩ። በሁለቱ መካከል ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ካለፈ፣ በተለይ በማደግ ላይ ያለ ልጅ ከሆነ፣ እየለካችሁ ያላችሁት ሁለት የተለያዩ ልጆችን ነው ማለት ይቻላል።

ቁጥሩ ይለወጣል። ያ የ16 ዓመት ልጅ ክረምቱን ሙሉ ብዙ ኪሎ ሜትር ሠርቶ በጸደይ 800ን 2:06.5፣ ማይልን 4:36 ገባ። ከ2.22 ወደ 2.18 ወረደ። ከ800ው የቀነሰው አንድ ሰከንድ ተኩል ነው፣ ከማይሉ ግን 8። ክረምቱ የት ላይ እንደሠራለት ሰዓቶቹን ለየብቻ በማየት አይታወቅም ነበር። ማባዣው ነው ያሳየን።

የልጄ ትምህርት ቤት 1600 ነው የሚያሮጠው፣ ማይል አይደለም።

እዚህ አሜሪካ በሃይስኩል ውድድር የተለመደ ነው። የ1600ን ሰዓት በ1.00584 ስታባዙት ማይል ይሆናል። 4:40.0 የሮጠ ልጅ ማይሉ 4:41.6 ነው። አንድ ተኩል ሰከንድ ገደማ መጨመር ብቻ ነው፣ እዚህ ላይ የድካም ግምት አያስፈልግም።

አገር ቤት ያለው ዘመዴ የሚሮጠው 1500 ነው። ከእሱ ጋር ማወዳደር እችላለሁ?

ይቻላል። የ1500ን ሰዓት በ1.08 አባዙት። ኤል ገሩዥ 1500ን በ3:26.00 ሮጧል። በ1.08 ሲባዛ 3:42.5 ይሰጣል፣ የሮጠው ማይል ደግሞ 3:43.13 ነው። ይህ ልወጣ ከ800 ከሚነሳው በጣም የታመነ ነው፣ ርቀቶቹ ቅርብ ስለሆኑ። ዘመዳችሁ 1500 ሰዓት ካለው ከ800 አትነሱ፣ ከዚህ ተነሱ።

800ውን የሮጠው አዲስ አበባ ነው። ከፍታው ስሌቱን ይቀይረዋል?

ይቀይረዋል፣ ግን ሰው በሚያስበው መንገድ አይደለም። ብዙ ሰው ከፍታ ሁሉንም ርቀት እኩል የሚያዘገይ ይመስለዋል።

የ1968ቱን የሜክሲኮ ሲቲ ኦሎምፒክ አስቡ። ከተማው ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,240 ሜትር ነው። 800ን አውስትራሊያዊው ራልፍ ዱቤል በ1:44.3 አሸነፈ፣ ያ የጊዜው የዓለም ክብረ ወሰን እኩያ ነበር። 1500 ላይ ግን ክብረ ወሰኑን 3:33.1 አድርጎ የያዘው ጂም ራየን 3:37.8 ገባ። ያሸነፈው ኪፕ ኬይኖ ከፍታ ላይ ያደገ ሰው ሆኖ 3:34.9 ነው የሮጠው። በዚያው ከተማ፣ በዚያው ሰሞን 800 አልተነካም፣ 1500 ግን ዘገየ።

ከፍታ ላይ አየሩ ስስ ነው። ፈጥኖ ለሚሮጥ ሰው የሚገፋው አየር ስለሚቀንስ ትንሽ ይጠቅመዋል። ኦክስጅኑ ሲቀንስ ደግሞ ይጎዳዋል። 800 ላይ ጥቅሙ ጉዳቱን በከፊል ያካክሰዋል። ማይል ላይ በኦክስጅን የሚመረተው ጉልበት ድርሻው ስለሚበዛ ጉዳቱ ያመዝናል።

አዲስ አበባ ወደ 2,350 ሜትር ናት፣ ከሜክሲኮ ሲቲም ትበልጣለች። ስለዚህ አዲስ አበባ ላይ የተሮጠ 800 እዚያው አዲስ አበባ ወደሚሮጥ ማይል ሲቀየር 2.2 ያንሰዋል፣ ቁጥሩ ከፍ ይላል። ያው 800 ዝቅ ያለ ቦታ ለሚሮጥ ማይል ከሆነ ግን 2.2 አይጎዳም፣ እንዲያውም ማይሉ ከስሌቱ ሊፈጥን ይችላል። ልምምዱ አዲስ አበባ ከሆነ ፔሱን እዚያው ከተሮጠ ሰዓት አውጡ። ቨርጂኒያ የተሮጠ 800ን ይዞ ክረምት ላይ አገር ቤት ሄዶ በዚያ የማይል ፔስ 400 መደጋገም በሦስተኛው ላይ ያስቆማል።

ብዙ 800 ሰዓት አለው። የትኛውን ልውሰድ?

ከቆመበት ተነስቶ በውድድር የሮጠውን፣ ከጥቂት ሳምንታት ያልበለጠውን። የዱላ ቅብብል ሰዓት አትውሰዱ። ከሁለተኛው ጀምሮ ያሉት ሯጮች እየተንቀሳቀሱ ስለሚቀበሉ ሰዓታቸው ይቀንሳል። በልምምድ ላይ በእጅ ሰዓት የተያዘም ይጠርጠር። 800 ላይ አንድ ሰከንድ መሳት ማይል ላይ ሁለት ሰከንድ ከሁለት ይሆናል።

አሯሯጡንም ጠይቁ። የመጀመሪያውን ዙር በ59 ወጥቶ ሁለተኛውን በ69 የጨረሰ ልጅ ሰዓቱ 2:08 ነው፣ ግን የተሻለ ሊሮጥ ይችል ነበር። 800 ላይ ሁለተኛው ዙር መዘግየቱ ያለ ነው፣ ሩዲሻ እንኳ ክብረ ወሰኑን ሲሰብር 49.28 እና 51.63 ነው የሮጠው። ሁለት ሦስት ሰከንድ ልዩነት ጤነኛ ነው። አሥር ሰከንድ ከሆነ ግን ከስሌቱ ይልቅ ሌላ 800 ብታሮጡት ይሻላል።

ኤክሴል ላይ እንዴት ልሥራው?

ደቂቃውን በአንድ ሳጥን፣ ሰከንዱን በሌላ ጻፉ። በA2 ደቂቃ፣ በB2 ሰከንድ ካላችሁ C2 ላይ ጠቅላላ ሰከንድ ይሁን፣ ከዚያ ማይሉና የዙር ፔሱ፦

```
=A2*60+B2
=C2*2.2
=C2*2.2/4.02336
```

በጣም የተለመደው ስህተት 2:08ን «2.08» ብሎ መጻፍና በ60 ማባዛት ነው። 2.08 ደቂቃ 124.8 ሰከንድ ነው፣ 128 አይደለም። ማይሉ ላይ 7 ሰከንድ ያለ ምክንያት ይፈጥናል። የልጁን የራሱን ማባዣ ካወቃችሁ በኋላ 2.2 ያለበት ቦታ ላይ እሱን አስገቡ።

ከዚሁ ከ800 ሰዓት የ5 ኪሎ ሜትር ፔስ ማውጣት እችላለሁ?

አታውጡ። ማይል ላይ በ2.15 እና በ2.28 መካከል ያለው ልዩነት ለ2:08 ሯጭ ከ4:35 እስከ 4:52 ነው። ያ እንኳ ሰፊ ነው። 5 ኪሎ ሜትር ከ800 ስድስት እጥፍ በላይ ይረዝማል፣ የፍጥነት ልጅና የጽናት ልጅ እዚያ ደርሰው በደቂቃ ሊለያዩ ይችላሉ። ማይሉን አሮጡት፣ ከማይሉ ተነሱ። 3200 ከሮጠ ደግሞ ከእሱ ተነሱ።